ግሽበቱ ወረደ፣ ስቶኩም ወረደ

በወር አንድ ጠዋት፣ በአሜሪካ ሰዓት ልክ 8፡30 ሲል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የሐበሻ ቡና ቤት ጸጥ ይላል። ፖለቲካው ይቋረጣል፣ ማኪያቶው ይቀዘቅዛል፣ ሁሉም ስልኩ ላይ ያቀረቅራል። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የወሩን የዋጋ ግሽበት ቁጥር የሚለቀው በዚያች ደቂቃ ነው። ከኮሮና በፊት የዚህን ቢሮ መኖር የማያውቀው ወገን ሁሉ ዛሬ የቁጥሩን መውጫ ቀን ከጾም መያዣ ቀን እኩል ያውቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በ2020 እና በ2021 (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ያዙልኝ) ቤት ተቀምጦ፣ የመንግሥት የድጎማ ቼክ ደርሶት፣ ስልኩ ላይ ያለኮሚሽን የሚያገበያይ አፕ የጫነ ሰው ሁሉ ባለአክሲዮን ሆኗል።

የሦስት ደንበኞችን ነገር ልንገራችሁ። አንደኛው መኪና ማቆሚያ ያስተዳድራል፤ ዙም ገዝቷል፤ ስሙ ራሱ «ባለ ዙሙ» ሆኗል። ሁለተኛው ኡበር ይነዳል፤ የካቲ ውድን አርክ ኢኖቬሽን ፈንድ ገዝቷል። ሦስተኛው ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው ጡረተኛ ናቸው፤ ስቶክ አልገዙም፤ ስለዚህ ለሁለት ዓመት ያህል እንደ ኋላ ቀር ተቆጥረው ኖረዋል።

መስከረም 13 ቀን 2022 የሆነውን እዩልኝ። በዚያ ጠዋት የወጣው የነሐሴ ግሽበት 8.3 በመቶ ነበር። የሐምሌው 8.5 ስለነበር ወርዷል ማለት ነው። ባለ ዙሙ ጠረጴዛውን መታ፤ «ወረደ! አላልኳችሁም!» አለና ቁርስ በእኔ ነው ብሎ አዘዘ። ምግቡ ሳይቀርብ ገበያው ተከፈተ። አዳጊ ኩባንያዎች የሚበዙበት ናስዳክ በዚያ ቀን 5.2 በመቶ ቁልቁል ተምዘገዘገ፤ ከሰኔ 2020 ወዲህ እንዲህ ያለ ቀን አልታየም ነበር። ግሽበቱ ወረደ፣ ስቶኩም ወረደ። ባለ ዙሙ የቁርሱን ሒሳብ የከፈለበት ፊት እስካሁን አይረሳኝም።

ሁለት ወር ቆይቶ፣ ኅዳር 10፣ የጥቅምቱ ቁጥር ወጣ፤ 7.7 በመቶ። ሰባት ነጥብ ሰባት እንግዲህ አገር የሚያስለቅስ የኑሮ ውድነት ነው። ናስዳክ ግን በአንድ ቀን ከ7 በመቶ በላይ ዘለለ። ባለ ኡበሩ «እነዚህ ሰዎች ሲርብ ይጨፍራሉ፣ ሲጠግቡ ያለቅሳሉ» ብሎ ደመደመ። ቤቱም በአንድ ድምፅ «ገበያው ቁማር ነው» የሚለውን የቆየ የአቋም መግለጫ አጸደቀ።

ቁማርነቱ ሙሉ በሙሉ ባይካድም በሁለቱ ጠዋቶች የሆነው ነገር ግን ቀላል ነበር። ገበያው ቁጥሩ እስኪወጣ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ አስቀድሞ ይገምታል፣ ግምቱንም ዋጋው ውስጥ ይከተዋል። ለመስከረሙ ጠዋት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የገመቱት 8.1 ነበር። 8.3 ሲመጣ ለባለ ዙሙ «ወረደ» ነው፣ ለገበያው ግን «ከታሰበው በላይ» ነው። ለኅዳሩ ደግሞ የተጠበቀው 7.9 ገደማ ነበር፤ 7.7 መጣ፤ ድግስ ሆነ። ሰው ቁጥሩን ካለፈው ወር ጋር ያስተያያል፣ ገበያ ከራሱ ግምት ጋር። የቤታችን ክርክር ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው።

ሌላው ግማሽ ይከብዳል። ለመሆኑ የእህል፣ የቤንዚንና የቤት ኪራይ ዋጋ ወጣ ወረደ ተብሎ የቪዲዮ ስብሰባ የሚሸጠው ዙም ምን አገባው? ባለ ዙሙ ይህን ጥያቄ በየወሩ ያነሳል። እኔን የሚገርመኝ መልሱን ከማንም በላይ አሳምሮ ማወቁ ነው። የእቁብ ሰብሳቢ ነዋ! እጣ የወጣለት እቁብተኛ እጣውን ለቸኮለ ሰው ሲሸጥ ስንት ጊዜ አደራድሯል። የ10,000 ዶላር እጣ ዛሬ ለማንሣት 500 ዶላር ጣል የሚያደርግ ሰው አለ፤ ዛሬ የሚገኝ ገንዘብና ከዓመት በኋላ የሚገኝ ገንዘብ እኩል እንዳልሆነ እዚያ ማንም አስተማሪ አያስፈልገውም። ገንዘብ ሲጠፋና ብድር ሲወደድ ደግሞ ያቺ ጣል የምትደረገው ነገር ታድጋለች። ስልኩን ሲከፍት ግን ይህ ሁሉ እውቀት ከአእምሮው ይጠፋል።

አክሲዮን ማለት ኩባንያው ወደፊት የሚያገኘው ትርፍ ላይ ያለ ድርሻ ነው። የዛሬ ዋጋው የሚሰላው የየዓመቱ ትርፍ እስኪመጣ ባለው ዕድሜ ልክ እየተቀነሰ ነው፤ የሚቀነስበት መጠን በወለድ ይመራል። እርሳስ ይዘን እንሞክረው። ከ2 ዓመት በኋላ የሚመጣ 100 ዶላር፣ ዓመታዊ ወለዱ 6 በመቶ ከሆነ ዛሬ 89 ዶላር ያወጣል። ወለዱ ወደ 8 ቢወጣ 86 ዶላር ገደማ ይሆናል። ሦስት ዶላር ብቻ ጎደለ፤ ማንም እንቅልፍ አያጣም። አሁን ደግሞ ያው 100 ዶላር የሚመጣው ከ20 ዓመት በኋላ ነው እንበል። በ6 በመቶ ዛሬ 31 ዶላር ገደማ ነው። በ8 በመቶ ወደ 21 ዶላር ተኩል ይወርዳል። ወለዱ በሁለቱም የተለወጠው እኩል ሁለት ነጥብ ነው፤ የቅርቡ ገንዘብ ከዋጋው 4 በመቶ እንኳ ሳያጣ የሩቁ 31 በመቶ አጣ።

ዛሬ ነዳጅ ሸጦ ዛሬ የሚያተርፍና የትርፍ ድርሻ የሚያከፋፍል ኩባንያ ገንዘቡ ቅርብ ነው። «አሁን ደንበኛ እየሰበሰብኩ ነው፣ ትልቁ ትርፍ በሚቀጥሉት ዐሥርት ዓመታት ይመጣል» የሚል ኩባንያ ግን ዋጋው ሁሉ ያለው ሩቅ ነው። ወለድ ሲጨምር መጀመሪያ የሚመታው ይኸኛው ነው። በ2022 ናስዳክ አንድ ሦስተኛውን ሲያጣ፣ ኤክሶን ሞቢል የሚባለው አሮጌ ነዳጅ ቸርቻሪ በ80 በመቶ ገደማ የጨመረው የነዳጅ ዋጋ ስለወጣ ብቻ አይደለም፤ የሚጠበቅለት ገንዘብ ደጅ ላይ ስለነበርም ነው። በዚያ ወራት ቡና ቤቱ ውስጥ ኤክሶን የገዛ ሰው አልነበረም። ነዳጅማ ያረጀ ነገር ነው፤ ኤሌክትሪክ መኪና ሊመጣ አይደል!

እዚህ ላይ ባለ ኡበሩ አንድ ጥሩ ክርክር ያነሳል፤ ለፍትሕ ስል ሙሉውን ላቅርብለት። «ግሽበት ከመጣ ኩባንያውም ዋጋ ይጨምራል፣ ትርፉም አብሮ ያብጣል። ታዲያ እኔ ምን እጎዳለሁ?» ይላል። ትክክል ነው! ስሌቱም ይደግፈዋል። ያ ከ20 ዓመት በኋላ የሚመጣው 100 ዶላር በየዓመቱ 2 በመቶ ግሽበት ቢጨመርበት ወደ 149 ዶላር ያድጋል። ወለዱም በዚያው ልክ ከ6 ወደ 8 በመቶ ጥቂት አለፍ ቢል፣ የዛሬ ዋጋው ተመልሶ እዚያው 31 ዶላር ላይ ይቆማል። ምንም አልጎደለም። ኢኮኖሚስቶቹ ፍራንኮ ሞዲግሊያኒና ሪቻርድ ኮን በ1979 የጻፉት ይህንኑ ነው፤ ባለሀብቱ ግሽበት ያበጠውን ወለድ እያየ፣ ግሽበት የሚያሳብጠውን ትርፍ ግን እየዘነጋ አክሲዮንን ያለአግባብ አርክሶታል አሉ። ባለ ኡበሩ ሳያውቀው ከኖቤል ተሸላሚ ጋር ተስማምቷል።

ችግሩ የት ጋ ነው? ክርክሩ የሚሠራው ወለዱ የጨመረው በግሽበቱ ልክ ብቻ ከሆነ ነው። በ2022 የሆነው ይህ አልነበረም። የአሜሪካ ግምጃ ቤት ሁለት ዓይነት የ10 ዓመት ቦንድ ይሸጣል። አንዱ ተራው ነው። ሌላው ቲፕስ የሚባለው ሲሆን የግሽበቱን ማካካሻ ለብቻው ይከፍላል፤ ስለዚህ በቲፕስ ላይ የሚታየው ወለድ ከግሽበት የጸዳ፣ እውነተኛው ወለድ ነው። የሁለቱ ልዩነት ደግሞ ገበያው ለመጪዎቹ 10 ዓመታት የሚጠብቀውን ግሽበት በግርድፉ ይናገራል።

በ2021 መጨረሻ ተራው ቦንድ 1.5 በመቶ ገደማ ነበር፣ ቲፕሱ ደግሞ ከዜሮ በታች፣ −1 በመቶ አካባቢ። ልዩነቱ 2.5 ገደማ። በጥቅምት 2022 ማብቂያ ግድም ተራው ቦንድ 4.2 ሲደርስ ቲፕሱ 1.7 አካባቢ ነበር። ልዩነቱን ቀንሱት፤ ያው 2.5 ገደማ! በመካከሉ የዓመቱ ግሽበት በሰኔ 9.1 በመቶ ደርሶ ዓለም ተሸብሯል፤ ገበያው ለረጅሙ ጊዜ የሚጠብቀው ግሽበት ግን ከዳር እስከ ዳር ሲታይ ንቅንቅ አላለም። የተለወጠው እውነተኛው ወለድ ነው፤ ከሁለት ነጥብ ተኩል በላይ። የእነ ዙምን ዋጋ የጨፈለቀው በየወሩ 8፡30 ላይ ትንፋሽ የምናቆምለት ቁጥር ራሱ ሳይሆን፣ ያንን ቁጥር ያየው ፌዴራል ሪዘርቭ ወለዱን ከግሽበት በላይ እስኪሆን እንደሚገፋው ገበያው ማመኑ ነው።

ፌድ አጥብቆ የሚፈራው ደግሞ የሕዝቡን የግሽበት ግምት ነው። ሕዝቡ «ነገም ዋጋ ይጨምራል» ብሎ ካመነ ሠራተኛው ደመወዝ ይጨመርልኝ ይላል፣ ነጋዴው አስቀድሞ ይጨምራል፣ ግምቱ ራሱን እውነት ያደርጋል። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሰኔ 2022 ነገር ነው። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሸማቾችን «በመጪዎቹ ከ5 እስከ 10 ዓመታት ግሽበቱ ስንት ይመስላችኋል?» እያለ በየወሩ ይጠይቃል። ሰኔ 10 የወጣው የመጀመሪያ ውጤት 3.3 በመቶ አለ፤ ለወራት 3 አካባቢ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ። በአምስተኛው ቀን ፌድ ወለዱን በአንዴ 0.75 ነጥብ ከፍ አደረገ፤ ከ1994 ወዲህ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። የያኔው የፌድ ሊቀመንበር ጄሮም ፓወልም በመግለጫው ያንን የሕዝብ አስተያየት ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ጠቀሰው። በወሩ መጨረሻ የተጣራው ውጤት ሲወጣ 3.3 የተባለው ወደ 3.1 ዝቅ ብሎ ተገኘ። እንግዲህ በስልክ የተጠየቀ አንድ የኦሃዮ ሰው የዚያን ቀን ቤንዚን ቀድቶ መመለሱ በባለ ዙሙ ሀብት ላይ ያለውን ድርሻ አስቡት።

ታዲያ ሁሉም ነገር የፓወል ጥፋት ነው? ቤቱ እንደዚያ ነው የሚያምነው። ገበያ ሲወጣ በራስ ብልኅነት፣ ሲወርድ በፓወል ክፋት ነው። ፌድ በ2021 «ግሽበቱ ጊዜያዊ ነው» እያለ ዓመቱን ማገባደዱና ቃሉን የተወው በኅዳር 30 መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም የዙምን መዝገብ ቀረብ ብለን ስናየው ፓወል ከግማሹ ክስ ነጻ ይወጣል።

ዙም በጥቅምት 2020 አንድ አክሲዮኑ 568 ዶላር ደርሶ ነበር። ኩባንያው በጠቅላላ ወደ 160 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። የዚያ የበጀት ዓመት የተጣራ ትርፉ 672 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ በዚያ ትርፍ ብቻ ቢሄድ የተከፈለውን ዋጋ ለመመለስ ከ200 ዓመት በላይ ይፈጃል። ይህን ዋጋ የሚያስከፍለው አንድ እምነት ብቻ ነው፤ ትርፉ ለረጅም ዘመን እየተባዛ ይሄዳል፣ ወለዱም ከዜሮ አጠገብ አይነቃነቅም የሚል። በ2021 መጨረሻ ግን፣ ፌድ ገና አንዲት ሳንቲም ወለድ ሳይጨምር፣ አክሲዮኑ 184 ዶላር ላይ ነበር። ሁለት ሦስተኛው አስቀድሞ ተንኗል! ክትባቱ መጣ፣ ሰው ወደ ቢሮና ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰ፣ ማይክሮሶፍት ቲምስ በጎን ተጋፋ፣ እድገቱ ቀዘቀዘ።

በ2022 ደግሞ ከ184 ወደ 68 ወረደ፤ 63 በመቶ። በእርሳሳችን ያገኘነው ስሌት፣ ገንዘቡ ሁሉ 20 ዓመት ርቆ ቢሆን እንኳ፣ ለሁለት ነጥብ ወለድ 31 በመቶ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ከቀሪው አብዛኛው የእድገት ተስፋው መቀነስ ነው። አዳጊ ኩባንያን በእጥፍ የሚያስመታውም ይህ ነው፤ ወለዱ የሩቁን ገንዘብ ሲያሳንስ፣ ያ ገንዘብ ጭራሽ ይመጣል ወይ የሚለው ጥርጣሬም በዚያው ሰሞን ይነሣል። ገንዘብ በነጻ በሚገኝበት ዘመን ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ ነበር።

ባለ ዙሙ ግን አሁንም «ኩባንያው እኮ እያደገ ነው» ይላል። ልክ ነው። ጥር 2020 ላይ ባበቃው የበጀት ዓመት 623 ሚሊዮን ዶላር የነበረው የዙም ገቢ ጥር 2023 ላይ ባበቃው 4.4 ቢሊዮን ገደማ ደርሷል፤ ሰባት እጥፍ። የአክሲዮኑ ዋጋ በ2019 መጨረሻ 68 ዶላር፣ በ2022 መጨረሻም 68 ዶላር። ኩባንያው ሰባት እጥፍ አድጎ ባለአክሲዮኑ ባለበት ሲቆም፣ ጥሩ ኩባንያና ጥሩ ዋጋ ለየብቻ የሚገዙ መሆናቸውን ሰው ያያል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቤቱ ያየው ግን ሌላ ነው፤ «ድሮ የነበረበት ዋጋ ላይ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ጨምርበት!»

ጋሼ በዚያው ወራት ምን ያደርጋሉ? የስድስት ወር የመንግሥት ሰነድ ይገዛሉ። በ2021 ይኸው ሰነድ የሚከፍለው ከዜሮ የማይለይ ነበር፤ ለዚህ ነው «ብርዎን ያስተኛሉ» ተብለው የተሳቀባቸው። በ2022 ማብቂያ ከ4 በመቶ በላይ መክፈል ጀመረ። አንድ ቀን ባለ ኡበሩ ጠየቃቸው። «ጋሼ፣ አርክ ከ156 ወደ 31 ወርዷል፣ ለምን አይገቡም?»

«ልጄ፣ እኔን መንግሥት ከ4 በመቶ በላይ ይከፍለኛል። የአንተዎቹ ስንት ይከፍላሉ?»

«አሁን አይከፍሉም። ወደፊት ነው።»

«እንግዲህ ወደፊት እገባለኋ!»

ሳቀ ሁሉም። ጋሼ ግን በአንድ አረፍተ ነገር ወለድ ሲወጣ ገንዘብ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ተናግረው ነበር። ገበያው ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱ የጡረታ ፈንዶች የሚያደርጉትም ያንኑ ነው፤ እነሱ በኮምፒውተር፣ ጋሼ በቡና።

በ2023 ደግሞ ነገሩ ተገለበጠና ቤቱ እንደገና ተምታታ። ፌድ ወለዱን መጨመሩን ቀጥሎ በሐምሌ 5.25–5.5 በመቶ አደረሰው። በዚያው ዓመት ናስዳክ 43 በመቶ ወጣ። «የወለድ ነገር ተረት ነው» ተባለ፤ ባለ ዙሙ በድል አድራጊነት አየኝ። እኔ ደግሞ የ10 ዓመቱን ቦንድ አየሁለት፤ ዓመቱን በ3.88 ጀምሮ በ3.88 ጨርሷል። ፌድ የሚያንቀሳቅሰው የአንድ ሌሊት ወለድ ነው፤ የ20 ዓመት ተስፋ የሚመነዘረው በረጅሙ ወለድ ነው፤ እርሱም ገና ድሮ ዋጋው ውስጥ ገብቷል። በመሐል በጥቅምት ወር ያ ቦንድ 5 በመቶን ሲነካ ናስዳክ ከሐምሌ ጀምሮ ሲያንሸራትተው ቆይቶ ነበር፤ ቦንዱ ሲበርድ ተነሣ። ደግሞም በዚያ ዓመት የአንዳንዶቹ ትልልቅ ኩባንያዎች ትርፍ በእውነት አድጓል። ትርፍ ካደገ ወለድ ብቻውን አያሸንፈውም፤ ይህንንም ስሌቱ አይክድም።

በእርግጥ ሁሉም ቀን እንዲህ አይገለጽም። ጥቅምት 13 ቀን 2022 ግሽበቱ ከግምት በላይ 8.2 መጣ፤ ገበያው እንደተከፈተ ወደቀ፤ ከዚያ ማንም ምንም ሳይል ተነሥቶ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ቀኑን በ2.6 በመቶ ጭማሪ ዘጋ። ማታ ሁሉም ተንታኝ ምክንያት ነበረው። የጠዋቱን ምክንያት የሰጡትም እነሱው ነበሩ።

እንግዲህ ወገኔ፣ በሚቀጥለው ወር 8፡30 ላይ ስልክህን ማየትህ ካልቀረ፣ አንድ ነገር ጨምርልኝ። የሴንት ሉዊስ ፌድ በነጻ በሚያቀርበው የመረጃ ገጽ ላይ DFII10 ብለህ ጻፍ፤ የ10 ዓመቱ ቲፕስ ወለድ ነው። T10YIE ብትል የሚጠበቀውን ግሽበት ታያለህ። ሁለተኛው ቆሞ የመጀመሪያው እየወጣ ከሆነ፣ የሩቅ ተስፋ የምትሸጥልህ ያቺ ኩባንያህ በዚያ ሳምንት ብትወርድ ፌድን አትርገም፤ ቁርስም በእኔ ነው ብለህ አትዘዝ።